ያልደረሰው መልእክት፦ የትኛው ይደገም?

አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤውን ለቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጠራ እንበል። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለ2,400 አባላቱ በኤስኤምኤስ ጥሪ ላከ። አርብ አመሻሹ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ የላኪውን ድርጅት ድረ ገጽ ከፍታ ሪፖርቱን ስታወርድ 4,800 ረድፍ አገኘች። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ መቶዎቹ «ደርሷል» አይሉም። «ያልደረሱትን በሙሉ ደግመህ ላክ» የሚል ቁልፍም ከጎኑ አለ። ቁልፉን ከመጫኗ በፊት ግን ማየት የሚገባት ነገር አለ።

መጀመሪያ፣ 2,400 ሰው እንዴት 4,800 ረድፍ ሆነ? በላቲን ፊደል የተጻፈ ተራ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ መልእክት መሀል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ሲያልፍ ይቆራረጣል። ስልኩ ቁራጮቹን መልሶ እንዲገጣጥም የሚረዳው መረጃም ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። የማኅበሩ ጥሪ 110 ፊደል ስለነበረ ለሁለት ተቆርጦ ሄደ። እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ መለያ ቁጥርና የየራሱ ሪፖርት አለው።

ስለዚህ ጸሐፊዋ ከሁሉ በፊት ረድፎቹን በስልክ ቁጥር ሰብስባ ሰው በሰው ማየት አለባት። ይህን ስታደርግ ሥዕሉ ይለወጣል። ሁለቱም ቁራጭ የደረሳቸው 2,062 ሰዎች ናቸው። 171 ሰዎች ጋ ጊዜው አልፎበታል፤ 63 ሰዎች ጋ ሊደርስ አልቻለም፤ 22 ቁጥሮች ገና ከመነሻው ተቀባይነት አጥተዋል፤ 68 ሰዎች ምንም ሪፖርት የላቸውም። ቀሪዎቹ 14 አንዱ ቁራጭ ደርሷቸው ሌላው የቀረባቸው ናቸው። ሪፖርቱን ረድፍ በረድፍ የሚያነብ ሰው እነዚህን 14 ሰዎች አያያቸውም። አንዳንዱ ስልክ ሌላውን ቁራጭ እየጠበቀ ምንም አያሳይም፤ አንዳንዱ ደግሞ ግማሹን ብቻ ያሳያል። ቀኑን አንብቦ ቦታውን ያላወቀ አባል ጥሪው ደረሰው አይባልም፤ ስለዚህ ካልደረሳቸው ጋር ይቆጠራል።

አሁን አንዷን ረድፍ ቀረብ ብለን እንያት። ድረ ገጹ ባማረ ሰንጠረዥ ቢያቀርበውም ከኦፕሬተሩ የመልእክት ማዕከል የሚመጣው ጥሬ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

```
id:7730415529 sub:001 dlvrd:000 submit date:2505151310
done date:2505161310 stat:EXPIRED err:027 text:...
```

`id` ማዕከሉ መልእክቱን ሲረከብ የሰጠው መለያ ነው። `submit date` የተረከበበት ጊዜ፣ `done date` ደግሞ ነገሩ የተቋጨበት ጊዜ ነው። ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ሆነው ይጻፋሉ። እዚህ ላይ ያለው ሜይ 15 ቀን 2025፣ 13፡10 ነው፤ ግንቦት 7 ማለት ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች ከሆነ በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት ከቀኑ 10፡10 ይሆናል። በግሪንዊች ይሁን በአገር ውስጥ ሰዓት ለማወቅ ለራስ ስልክ አንድ መልእክት ልኮ ማወዳደር ይበቃል። ይህን ሳያጣሩ «ማታ የላክነው ከሰዓት ደረሰ» እያሉ ግራ የሚጋቡ ብዙ ናቸው።

በሁለቱ ጊዜያት መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይናገራል። በምሳሌያችን ልክ 24 ሰዓት ነው። የመልእክት ማዕከሉ የተቀባዩ ስልክ ያለበትን ቦታ የኦፕሬተሩን መዝገብ ይጠይቃል። ስልኩ ዝግ ከሆነ ወይም ኔትወርክ ከሌለው መዝገቡ «ለዚህ ሰው የሚጠብቅ መልእክት አለ» ብሎ ይይዛል፤ ስልኩ ሲከፈትም ማዕከሉን ያስታውቃል። ማዕከሉ በዚህ መሀል በየተወሰነ ጊዜ ይሞክራል። ላኪው የወሰነው የቆይታ ጊዜ፣ እዚህ 24 ሰዓት፣ ሲያልቅ መልእክቱን ይጥልና `EXPIRED` ብሎ ይዘጋዋል። `err:027` ብዙ ጊዜ «ተመዝጋቢው የለም» ማለት ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ስልኩ ግን አልተገኘም። በአንጻሩ `UNDELIV` ሆኖ በተላከበት ደቂቃ የተዘጋ ረድፍ፣ ኔትወርኩ ሳይጠብቅ «አይሆንም» ያለው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቁ ነው። `ENROUTE` የሚል ረድፍ ገና በማዕከሉ እጅ ያለ መልእክት ነው። ያኔ ደግሞ መላክ ማለት ስልኩ ሲከፈት ያው ሰው ሁለት እንዲደርሰው ማድረግ ነው፤ ለሁለቱም ይከፈላል። `EXPIRED` የሆነው ግን ከማዕከሉ ወጥቷል፤ ቢደገም ድርብ አይሆንም። ስለዚህ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ከማለቱ በፊት «ተቋጭቷል ወይስ አልተቋጨም?» ብሎ ይጠይቅ። ጸሐፊዋ ሐሙስ ማታ ብትቸኩል ኖሮ 171ዱን ሁሉ፣ በሌሊት ስልካቸውን የሚከፍቱትንም ጨምራ፣ እጥፍ ትልክላቸው ነበር።

አርብ አመሻሹ ላይ ግን ተቋጭቷል፤ እነዚህ 171 ሰዎች ይደገምላቸው። ሁለት ነገር ግን ይቀየር። የቆይታ ጊዜው 24 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ይሁን፤ ጉባኤው ካለቀ በኋላ የሚደርስ ጥሪ ሰውን ከማስቀየም በቀር ጥቅም የለውም። ጽሑፉም ይጠር፦ «ጠቅላላ ጉባኤ ቅዳሜ ግንቦት 9 ጠዋት 3፡00 በማኅበሩ አዳራሽ። መታወቂያ ይያዙ።» ይህ ክፍት ቦታውና ሥርዓተ ነጥቡ ተቆጥሮ 51 ነው፤ በአንድ ቁራጭ ይሄዳል፣ ክፍያውም ለአንድ ይሆናል። ግማሹ ብቻ የደረሳቸው 14 ሰዎችም የቀረው ቁራጭ መዘጋቱ ከታየ በኋላ ይህንኑ አጭሩን ይቀበሉ።

63ቱ `UNDELIV` ግን በአንድ ላይ አይታዩም፤ `err` የሚለው ቁጥር ይለያያቸዋል። 51ዱ `001` ይላሉ፤ መዝገቡ እንዲህ ያለ ተመዝጋቢ አያውቅም ማለት ነው። መቶ ጊዜ ቢደገም መልሱ ያው ነው። ዘጠኙ `032` ናቸው፤ ስልኩ መልእክቱን አልቀበል ያለበት ነው፣ ብዙ ጊዜም የመልእክት ሳጥኑ ሞልቶ ነው። ባለቤቱ ካጸዳው ይገባልና አንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል። ሦስቱ `013`፣ አገልግሎቱ የታገደባቸው፣ በስልክ ጥሪ ወይም በጎረቤት ይነገራቸው። እነዚህ ቁጥሮች ከጂኤስኤም ኔትወርክ ደረጃ የመጡ ናቸው፤ ሆኖም አቅራቢዎች በራሳቸው ቁጥር ሊተኳቸው ይችላሉ። ስለዚህ ከአቅራቢው የኮዶቹን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀብሎ ማስቀመጥ የግድ ነው። ዝርዝሩን መስጠት የማይፈልግ አቅራቢ፣ በእኔ ግምት፣ መቀየር አለበት።

51ዱን ግን ዝም ብሎ መሰረዝም ልክ አይደለም። ጸሐፊዋ በቅርንጫፍ ስትደረድራቸው አብዛኞቹ ከአንድ ቅርንጫፍ የመጡ ሆኑ። ስህተቱ እዚያ ቅጹን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ጋ ነው፤ ቁጥሮቹ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከሩ። ተቀባይነት ያጡት 22ቱ `REJECTD` ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ቁጥሮቹን ስታያቸው ገሚሱ መነሻው 0 ጠፍቶበት ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ሆኗል፤ ገሚሱ ደግሞ `2.51911E+11` ይላል። ይህ የኤክሴል ሥራ ነው፤ ረጅም ቁጥር ሲያይ ያሳጥረዋል፣ ዜሮን ከፊት ሲያይ ይጥላል። ዓምዱን ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ብሎ መወሰንና ሁሉንም 251 በሚል መነሻ በ12 አኃዝ ከዋናው መዝገብ መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል። ከተስተካከሉ በኋላ መላክ ይቻላል፤ ቀድሞ ለማንም ያልሄዱ ስለሆኑ ድርብ አይሆኑም። ተቀባይነት ያጡት 22 ሳይሆኑ ሁሉም ቢሆኑ ኖሮ ጥፋቱ ቁጥሮቹ ላይ ሳይሆን ምናልባት ባልተፈቀደ የላኪ ስም ወይም ባለቀ ሒሳብ ላይ ይፈለግ ነበር።

የቀሩት 68ቱ፣ ሪፖርት የሌላቸው፣ ከሁሉ የሚያስቸግሩት ናቸው። ዝምታ «አልደረሰም» ማለት አይደለም። መልእክቱ ደርሶ ሪፖርቱ በመንገድ ሊቀር ይችላል። መለያው የተላኩበትን ደቂቃ ማየት ነው። ሁሉም በተከታታይ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የተላኩ ከሆኑ በዚያ ሰዓት የላኪውና የማዕከሉ ግንኙነት ተቋርጦ ሪፖርቶቹ ጠፍተዋል ማለት ነው እንጂ መልእክቶቹ አልጠፉም። አራት አምስት ሰው ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ግምቱን ያጸናዋል። `id` እንኳ ያልተሰጣቸው ካሉ ጉዳያቸው ሌላ ነው፤ ማዕከሉ «በዛብኝ» ብሎ የመለሳቸው ከሆኑ አልገቡምና በዝግታ መድገም ይቻላል።

ታዲያ 68ቱ ይደገምላቸው? እዚህ ላይ የሚወስነው ኮዱ ሳይሆን የመልእክቱ ይዘት ነው። የጉባኤ ጥሪ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ማንም አይጎዳም፤ ይደገም። መልእክቱ «ብር 3,000 ከሒሳብዎ ወጪ ሆኗል» የሚል ቢሆን ኖሮ ግን ሁለተኛው ሲደርስ አባሉ ሁለት ጊዜ የተወሰደበት ይመስለዋል፤ ማለዳ የማኅበሩ በር ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሪፖርት ሳይገኝለት አይደገምም።

«ደርሷል» የተባሉት 2,062ስ? `DELIVRD` ማለት ስልኩ ተቀብያለሁ ብሎ መለሰ ማለት ነው፤ ሰውየው አነበበው ማለት አይደለም። ባለቤቱ ትቶት ለሌላ ሰው የተሸጠ ሲም ካርድም «ደርሷል» ይላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ አንዳንድ ርካሽ መንገድ ከስልኩ ምላሽ ሳይጠብቅ ራሱ «ደርሷል» ብሎ መጻፉ ነው። ይህን መፈተን ቀላል ነው። የራስን ስልክ አጥፍቶ ወደዚያው ቁጥር መልእክት መላክ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆም ሪፖርቱን ማየት ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ሪፖርቱ `DELIVRD` ካለ የዚያ አቅራቢ 2,062 ቁጥር ምንም አያረጋግጥም፤ ከላይ የተሠራው ስሌት ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ሙከራው መደረግ ያለበት ሐሙስ፣ ጥሪው ከመላኩ በፊት ነው።