ጌሙ ስንት ሜጋ ነው? ፕሌይ ስቶር ላይ የማይታየው ቁጥር

ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ቤተሰብ ጋር ሳለሁ፣ ለሳምንት ይበቃኛል ብዬ 1 ጊጋ ጥቅል ገዛሁ። ፕሌይ ስቶር ላይ 85 ሜጋ የሚል የመኪና ውድድር ጌም አይቼ አወረድኩ። ስከፍተው ተጨማሪ ፋይል እያወረደ እንደሆነ ጻፈልኝ። ትንሽ ነገር መስሎኝ ስልኩን አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ስመለስ ከጥቅሉ የቀረው 200 ሜጋ አይሞላም። የትምህርት ፒዲኤፎችን ላወርድበት ያሰብኩት ዳታ ነበር።

ፕሌይ ስቶር አልዋሸም። የሚያሳየው መጀመሪያ የሚጫነውን ክፍል መጠን ብቻ ነው። ትልልቅ ጌሞች ካርታውን፣ ምስሉንና ድምፁን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያስቀምጡና ጌሙ ሲከፈት ያመጡታል። ፐብጂ ሞባይልም ብዙዎቹን ካርታዎች የሚያወርደው ከተጫነ በኋላ ነው።

ታዲያ እንዴት እንወቅ? ከማውረዳችሁ በፊት አስተያየቶቹን አንብቡ፤ ከተጫነ በኋላ ሌላ ማውረድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተማረረ ሰው ጽፎታል። ጌሙ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ደግሞ ከመክፈታችሁ በፊት ዳታውን አጥፉ። ያለ ኔትወርክ ከፍቶ ካጫወታችሁ፣ ቢያንስ ለመጀመር የሚያስፈልገው ሁሉ ገብቷል ማለት ነው። «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ከቆመ ወይ የሚቀረው ፋይል አለ፣ ወይ ጌሙ በኦንላይን ብቻ የሚሠራ ነው። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ የምከስረው 85 ሜጋውን ብቻ ነበር።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ኦንላይን መጫወቱን ነው። ነገር ግን በጨዋታው ወቅት የሚላላከው የተጫዋቾቹ ቦታና እንቅስቃሴ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ በድምፅ ማውራት ይጨምርበታል እንጂ። የሚበላው ማውረዱ፣ አፕዴቱና በየመሃሉ የሚመጣው የቪዲዮ ማስታወቂያ ነው። በተለይ ነጻ የሆኑ ትንንሽ ጌሞች፣ 20 ሜጋ ሆነው በማስታወቂያ ብቻ በጥቂት ቀን ውስጥ ከመጠናቸው በላይ ሊያስወጡ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ከአፖቹ ዝርዝር ጌሙን መርጣችሁ የዳታ ፍጆታውን ተመልከቱ። ግማሽ ሰዓት ተጫውታችሁ እንደገና እዩት፤ ልዩነቱ የግማሽ ሰዓቱ ዋጋ ነው። ለአፕዴቱ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ Auto-update apps የሚለውን በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉት።

እኔ ስልክ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። Simon Tatham's Puzzles ከ10 ሜጋ በታች ሆኖ በርካታ የእንቆቅልሽ ዓይነቶችን ይዟል፤ መልኩ ግን ደረቅ ነው፣ ውበት አትጠብቁ። Shattered Pixel Dungeon ከሱ ከፍ ይላል፤ ግን በየጊዜው አዲስ ካርታ የሚፈጥረው እዚያው ስልኩ ላይ ስለሆነ የሚያወርደው ካርታ የለም። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ማስታወቂያ የላቸውም፣ ዳታ ጠፍቶም ይሠራሉ። ኳስ ለሚወድ ሰው ግን እስካሁን በዚህ መጠን ደስ የሚል አላገኘሁም፤ ያገኘ ይንገረኝ።