የግቢያችን ምስል በማን እጅ ያልፋል?

ዋሽንግተን የሚኖር ልጅ ስልኩን ከፍቶ አዲስ አበባ ያለውን የወላጆቹን ግቢ ያያል። ምስሉ ከግቢው በቀጥታ የመጣ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን መሃል ላይ የካሜራው አምራች አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከራውተሩ ነው። ራውተር ከቤት የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ከውጭ ሳይጠሩት የመጣውን ግን ከበር ይመልሳል። ስለዚህ ካሜራው ገና ሲሰካ ወደ አምራቹ ሰርቨር መስመር ከፍቶ ይጠብቃል፤ ስልኩም ወደዚያው ይሄዳል። አንዳንዴ ሰርቨሩ ሁለቱን አገናኝቶ ዞር ይላል። ካልተሳካለት ቪዲዮው ራሱ በእሱ በኩል ያልፋል። «ሰው ታይቷል» ከሚለው መልእክት ጋር የሚመጣው ትንሽ ፎቶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀመጣል። ምስሉ ተመስጥሮ ቢጓዝ እንኳ የምስጢሩ ቁልፍ በኩባንያው እጅ ከሆነ ኩባንያው ማየት ይችላል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው ዋይዝ ኩባንያ ደንበኞች በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. አይተውታል። ኩባንያው የሚጠቀምበት የአማዞን ክላውድ ተቋርጦ ነበር። አገልግሎቱ ሲመለስ ካሜራዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ጎረፉ። በቅርቡ የተገጠመ፣ መረጃን ለጊዜው የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ጫናው ሲበዛበት የየትኛው ካሜራ ባለቤት ማን እንደሆነ አምታታ። ወደ 13,000 የሚጠጉ ሰዎች የማያውቁት ቤት ፎቶ በስልካቸው መጣላቸው፤ 1,504ቱ ነክተው ከፈቱት። ልብ በሉ፣ የይለፍ ቃል የሰረቀ ሌባ አልነበረም። የደንበኛው የይለፍ ቃል የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አያድነውም ነበር።

የእናንተ ካሜራ የቱ ዓይነት ነው? ቤት ሆናችሁ፣ ዋይፋዩ ሳይጠፋ፣ ወደ ራውተሩ የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ብቻ ንቀሉና የስልኩን ዳታ አጥፍታችሁ አፑን ክፈቱ። ምስሉ ከታየ ካሜራው ያለ አምራቹም ይሠራል ማለት ነው። ካልታየ ጥገኛ ነው፤ ሳሎንና መኝታ ቤት ባታስገቡት ይሻላል።

ያለ አምራቹ ለሚሠራው መውጫ አለው። ራውተራችሁ ከፈቀደ እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን እሱ ላይ ጫኑና ካሜራው ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ዝጉበት። ስልካችሁ ከሩቅ ሆኖ በቪፒኤኑ በኩል ቤት እንዳለ ሆኖ ይገባል። ቴክኒሻን «ፖርት እንክፈትለት» ካላችሁ ግን እምቢ በሉ፤ ያ ካሜራውን ለዓለም ሁሉ በር ላይ ማስቀመጥ ነው።

አንድ ችግር አለ። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ቤት ያካፍላሉ። በራውተራችሁ ገጽ WAN በሚለው ሥር ያለው ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ቪፒኤኑን ከውጭ ማግኘት አይቻልም። ያኔ አቅራቢውን የራሳችሁ አድራሻ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አለው።