ሠላሳ ገዢ ላለው ዕቃ ቢልቦርድ ለምን?

አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የካርድ ማጭበርበርን የሚከታተል ሶፍትዌር ለባንኮች ይሸጣል እንበል። በአገሪቱ ያሉት ባንኮች ከ30 ብዙም አይዘሉም። ድርጅቱ ግን አደባባይ ላይ ቢልቦርድ ይሰቅላል፣ በቴሌቪዥንም ያስነግራል። ማስታወቂያውን ብዙ ሕዝብ ያየዋል፤ ግዢውን የሚወስኑት ሰዎች ግን ቢሰበሰቡ አንድ መካከለኛ አዳራሽ አይሞሉም።

በሙያው «አካውንት ቤዝድ ማርኬቲንግ» የሚባለው አሠራር ከተቃራኒው ጫፍ ይነሳል። መጀመሪያ ገዢው ተመርጦ በስም ይያዛል፤ መልእክቱ የሚዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው። ድርጅታችን አራት ባንኮች ይምረጥ። መረጃው የተደበቀ አይደለም፦ የካርድ ደንበኞቹ ብዛት በፍጥነት ያደገ ባንክ በዓመታዊ ሪፖርቱ ይናገራል፤ የማጭበርበር ክትትል ባለሙያ የሚፈልግም በክፍት የሥራ ማስታወቂያው ያሳውቃል።

ቀጥሎ ባንኩ ውስጥ ይገባል። የአይቲ ኃላፊው ሶፍትዌሩ ከኮር ባንኪንጉ ጋር ያለችግር ይገናኝ እንደሆነ ይጠይቃል። የሪስክ ክፍሉ የሚጨነቀው ጤናማ ግብይት በስህተት ታግዶ ደንበኛ እንዳይቆጣ ነው። ፋይናንስ ደግሞ ክፍያው በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ ይላል። ለሦስቱም አንድ ብሮሹር ማደል ለአንዳቸውም አለመመለስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ገጽ ለብቻ መጻፍ ይሻላል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጨረታው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ያየ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል፤ የቴክኒክ መስፈርቱ ከዚያ በፊት ተጽፎ አልቋል። መስፈርቱ በጥናት ላይ እያለ በቢሮ፣ በግልጽ ቀርቦ ሥራን ማሳየት ተገቢ ነው። መስፈርቱን ራስ ጽፎ ለወዳጅ ማቀበል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስሙንም ሁላችን እናውቀዋለን።

ይህ አሠራር በብዛት የሚከሽፈው በአንድ ወዳጅ ላይ ሲንጠለጠል ነው። የአይቲ ኃላፊው ወደ ሌላ ባንክ ሲዛወር የስድስት ወር ልፋት አብሮት ይሄዳል። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፦ ከባንኩ ስልክ የሚደውለው ሁልጊዜ ያው ሰው ከሆነ፣ ስብሰባም ላይ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ከሌለ፣ ሽያጩ ገና አልተጀመረም። ስለዚህ የሚቆጠረው የማስታወቂያው ተመልካች ሳይሆን በየባንኩ ምን ያህል ክፍሎች ጉዳዩን እንደያዙት ነው።

ቢልቦርዱ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። የቦርድ አባል ስሙን ሰምቶት ለማያውቅ ድርጅት ፊርማ ይከብደዋል። የሚሸጠው የደረሰኝ ጥቅል ወረቀት ቢሆን ደግሞ ገዢው ብዙ፣ ትርፉም ትንሽ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሱቅ ጥናት መሥራት ኪሳራ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን የበጀቱን ዋና ክፍል ለአራቱ ባንኮች እሰጣለሁ። ሁለቱ እምቢ ካሉ የዓመቱ ዕቅድ ግማሹ ስለሚፈርስ፣ ተጠባባቂ አምስት ባንኮችን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በቀላል ወጪ መከታተል ያስፈልጋል።