ኦፕሽን ምንድን ነው? ቀብድ ነውን?

የፋይናንስ ትምህርት የሚወስዱ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ኦፕሽን ማለት ቀብድ አይደል እንዴ? ቀብድ የሚፈቅዱ ዑለማዎች ካሉ ኦፕሽን ለምን ይከለከላል?» ለዚህ መልስ ለመስጠት ከፍርዱ በፊት ነገሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ምሳሌያችን እኛ በምናውቀው ምርት፣ በቡና ላይ ይሁን።

በዓለም ላይ የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚለካው በአብዛኛው በኒውዮርክ ገበያ ነው። የእኛም ላኪዎች ሲዋዋሉ ዋጋቸውን ብዙ ጊዜ የሚያሰሉት ከዚያ ዋጋ ላይ ጨምረው ወይም ቀንሰው ነው። በዚያ ገበያ አንድ ውል ማለት 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ያህል ቡና ነው።

አራቱ ቃላት

ኦፕሽን የመብት ውል ነው። አንዱ ወገን ገንዘብ ከፍሎ መብት ይይዛል፤ ሌላው ወገን ገንዘቡን ተቀብሎ ግዴታ ይገባል። መብቱ የመግዛት ከሆነ «ኮል» ይባላል፤ የመሸጥ ከሆነ «ፑት» ይባላል። ለመግዛት ወይም ለመሸጥ አስቀድሞ የተቆረጠው ዋጋ «ስትራይክ ፕራይስ» ነው። መብቱን ለማግኘት የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ «ፕሪሚየም» ይባላል። ውሉ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ይሞታል፣ ፕሪሚየሙም አይመለስም።

ፑት፦ የሻጭ መከላከያ

አንድ ላኪ 37,500 ፓውንድ ቡና በመጋዘን ይዟል እንበል። የዛሬው ዋጋ በፓውንድ 2 ዶላር ነው። ቡናውን የሚሸጠው ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ ዋጋው እንዳይወርድበት ይሰጋል። ስለዚህ ስትራይኩ 2 ዶላር የሆነ ፑት ይገዛል፤ ፕሪሚየሙ በፓውንድ 12 ሳንቲም ነው። በጠቅላላው 4,500 ዶላር ይከፍላል።

ዋጋው ወደ 1.50 ቢወርድ ቡናውን ለደንበኛው በ1.50 ይሸጣል። ፑቱ ግን በፓውንድ 50 ሳንቲም ያስገኝለታል። የከፈለው 12 ሳንቲም ሲቀነስ በፓውንድ 1.88 እጁ ላይ ይቀራል። ዋጋው ወደ 1 ዶላር ቢወርድም ውጤቱ ያው 1.88 ነው፤ ወለሉ ይህ ነው። በተቃራኒው ዋጋው ወደ 2.40 ቢወጣ መብቱን አይጠቀምም። ፑቱን ትቶ ቡናውን በ2.40 ይሸጣል፤ ፕሪሚየሙ ሲቀነስ 2.28 ያገኛል። መብት እንጂ ግዴታ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ጥበቃ ግን ሙሉ አይደለም። ፑቱ የሚከተለው የኒውዮርክን ዋጋ ነው። የኒውዮርክ ዋጋ ባለበት ቆሞ የይርጋ ጨፌ ወይም የሐረር ቡና ዋጋ ብቻውን ቢወርድ ፑቱ ለላኪው ምንም አይከፍለውም።

ኮል፦ የገዢ መከላከያ

ቡና ቆይቶ የሚገዛ ቆይ ድርጅት ስጋቱ ተቃራኒ ነው፤ ዋጋው እንዳይወጣበት ይፈራል። ስለዚህ በ2 ዶላር ስትራይክና በ12 ሳንቲም ፕሪሚየም ኮል ይገዛል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢወጣ ቡናው በፓውንድ ከ2.12 በላይ አያስወጣውም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። በመጨረሻው ቀን ዋጋው 2.05 ቢሆን ኮሉን መጠቀም ይሻላል ወይስ መተው? «2.12 ስላልደረሰ ኪሳራ ነው፣ ይተወው» የሚል መልስ ይሰማል። ትክክሉ መጠቀም ነው። 12 ሳንቲሙ አንዴ ወጥቷል፣ ቢተወውም አይመለስም። ከተጠቀመበት ግን 5 ሳንቲም ያስመልሳል፤ ኪሳራው ከ12 ወደ 7 ይቀንሳል።

ሻጩስ?

ኮሉን የሸጠው ሰው 4,500 ዶላር ተቀብሏል፤ ከዚህ በላይ ሊያተርፍ አይችልም። ዋጋው ወደ 3 ዶላር ቢወጣ ግን በፓውንድ 1 ዶላር፣ በጠቅላላው 37,500 ዶላር ዕዳ አለበት። የተቀበለው ሲቀነስ ኪሳራው 33,000 ዶላር ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ኪሳራውም ይጨምራል፤ ጣሪያ የለውም። የገዢው ኪሳራ ግን በከፈለው ፕሪሚየም ይወሰናል። ገበያው ከሻጩ ማስያዣ የሚጠይቀው፣ ከገዢው ግን የማይጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

12 ሳንቲሙ ከየት መጣ?

ፕሪሚየም ሁለት ክፍል አለው። ስትራይኩ 2 ዶላር የሆነ ኮል፣ ገበያው 2.05 ላይ ሳለ በ12 ሳንቲም ቢሸጥ፣ 5 ሳንቲሙ አሁኑኑ ቢጠቀሙበት የሚገኝ ልዩነት ነው። የቀረው 7 ሳንቲም የጊዜና የተስፋ ዋጋ ነው፤ እስከ ማብቂያው ቀን ዋጋው የበለጠ ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚከፈል ማለት ነው። ይህ ክፍል ቀኑ በቀረበ ቁጥር እየተሸረሸረ ሄዶ በመጨረሻው ቀን ዜሮ ይሆናል። ገበያው ሲናወጥ ደግሞ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በብራዚል የቡና እርሻዎች ላይ ውርጭ ወርዶ የዓለም ዋጋ በድንገት ሲዘል እንደታየው፣ ስጋት ሲበዛ መከላከያም ይወደዳል።

ወደ ጥያቄያችን

ቀብድ ስንከፍል ግዢው ከተፈጸመ ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይታሰባል። ለ1,000 ብር ዕቃ 100 ብር ቀብድ የሰጠ ሰው የሚቀረው 900 ነው። ፕሪሚየም ግን አይታሰብም፤ ኮሉን የያዘው ሰው 2 ዶላሩን ሙሉ ይከፍላል፣ 12 ሳንቲሙም ለብቻው ሄዷል። ስለዚህ በፕሪሚየም የተገዛው ቡናው አይደለም፤ መብቱ ራሱ ነው። ከዚህም በላይ በኒውዮርኩ ገበያ መብቱ የሚያስገባው ወደፊት በሚመጣ ወር ወደሚፈጸም የሽያጭ ውል ነው። አብዛኛው ሰውም ቡና ሳይረከብ ልዩነቱን በገንዘብ ይዞ ይወጣል። መብቱም ራሱን ችሎ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ በሰጠው ውሳኔ በዓለም ገበያዎች የተለመደውን የኦፕሽን ውል አይፈቀድም ያለው ይህንኑ ይዞ ነው። የሚሸጠው ነገር ንብረትም፣ ጥቅምም፣ በገንዘብ ሊለወጥ የሚችል ገንዘባዊ መብትም አይደለም ብሏል። ቀብድን (ዓርቡንን) በተመለከተ አብዛኞቹ መዝሀቦች ይከለክላሉ፣ ሐንበሊዎች ይፈቅዳሉ። አካዳሚው በ1993 ብሩናይ ላይ የጊዜ ገደብ ከተቀመጠለትና ግዢው ሲፈጸም ከዋጋው የሚታሰብ ከሆነ ቀብድን ፈቅዷል። በኦፕሽን ጉዳይ የተለየ አቋም የያዙ ምሁራንም አሉ፤ ከነዚህ አንዱ ሙሐመድ ሀሺም ከማሊ ናቸው። እሳቸው ከስጋት መጠበቂያነቱን አይተው ሊፈቀድ እንደሚችል ተከራክረዋል።

ስለዚህ «ኦፕሽን ቀብድ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የከፈልከው ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም?

ወላሁ አዕለም።