የጎቲክ ካቴድራሎች ከፍታ እና የግፊት መስመር

(በሳንጃ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ከሳንጃ ወደ ጎንደር የወጣ ሰው ሁሉ የዐፄ ፋሲልን ግንብ ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በሮቹና መስኮቶቹ በግማሽ ክብ ቅስት የተዘጉ ናቸው፤ ወለሎቹ ግን የተዘረጉት በእንጨት ተሸካሚዎች ላይ ነው። ይህ ልዩነት የዛሬው ርእሳችን መግቢያ ነው። በግድግዳ ላይ የተጋደመ እንጨት ክብደቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ያወርዳል። ቅስት ግን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። የበር ቅስት ሲሆን ግራና ቀኙ ያለው ወፍራም ግድግዳ ግፊቱን ያለ ችግር ይቀበለዋል። አዳራሹን በሙሉ በድንጋይ ቅስት ለመሸፈን ሲታሰብ ግን ያ ግፊት ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የጎቲክ ካቴድራሎችን ከፍታ የምረዳው የዚህ ጥያቄ መልስ አድርጌ ነው።

በመጀመሪያ የግፊት መስመር ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1675 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አስቀመጠ፦ በሁለት ጫፎቹ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚይዘውን ቅርጽ ገልብጠን ብናቆመው የቅስትን ትክክለኛ ቅርጽ እናገኛለን። ሰንሰለቱ መሳብ ብቻ ይችላል፤ ሲገለበጥ መሳቡ ሁሉ መጫን ይሆናል። ድንጋይም መጫንን በደንብ ይችላል፤ በመጋጠሚያው ላይ ግን መሳብን አይችልም። ክብደቱ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚተላለፍበት ይህ የተገለበጠ ሰንሰለት የግፊት መስመር ይባላል። ዣክ ሄይማን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ በድንጋዩ ውፍረት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚያልፍ አንድ የግፊት መስመር ከተገኘ ቅስቱ ይቆማል። መስመሩ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ በተቃራኒው ወገን መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ከጠርዙ ሲወጣ ደግሞ ግንባታው ይወድቃል።

አሁን አንድ ቀላል ስሌት አብረን እንሥራ። ስፋቱ 12 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። በአዳራሹ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ ጣሪያው በስፋቱ ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ቶን ይመዝናል እንበል። የጎን ግፊቱን በግምት H = wL²/8f ይሰጠናል፤ w ጭነቱ፣ L ስፋቱ፣ f የቅስቱ ቁመት ነው። ግማሽ ክብ ቅስት ከሆነ ቁመቱ 6 ሜትር ስለሚሆን ግፊቱ 6 ቶን ይሆናል። በሁለት ቅስቶች መገናኛ ወደ ሾጣጣ የሚወጣው፣ የእያንዳንዱ ቅስት ሬዲየስ ከስፋቱ ጋር እኩል የሆነው ዓይነት ግን ቁመቱ ወደ 10.4 ሜትር ይደርሳል፤ ግፊቱም ወደ 3.5 ቶን ይወርዳል። ሾጣጣው ቅስት ያመጣው የመጀመሪያ ጥቅም ይህ ነው። ሁለቱም በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ 12 ቶን ወደ ታች ይጭናሉ፤ ሾጣጣው ግን ወደ ጎን የሚገፋው በጣም ባነሰ ኃይል ነው።

ይህ ግፊት በግድግዳው ላይ ምን ያደርጋል? ቅስቱ ከመሬት 20 ሜትር ላይ ያርፍ፤ የግድግዳው ውፍረት 2 ሜትር፣ አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2.2 ቶን ይሁን። የግድግዳው ክብደት 88 ቶን ነው፤ ከጣሪያው ጋር 100 ቶን። የሾጣጣው ቅስት ግፊት 20 ሜትር ላይ ሲገፋ የግፊት መስመሩ መሠረቱ ላይ ከመካከል 0.7 ሜትር ይርቃል። ከመካከል እስከ ጠርዝ ያለው 1 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው ይቆማል። የግማሽ ክቡ ግን 1.2 ሜትር ይርቃል፤ ግድግዳው ይገለበጣል።

አሁን ግድግዳውን በእጥፍ ከፍ አድርገን 40 ሜትር እናድርገው። ብዙዎቻችሁ መስመሩ በእጥፍ የሚርቅ ይመስላችኋል። ሆኖም የመግፋት ክንዱ በእጥፍ ሲረዝም የግድግዳው ክብደትም በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ርቀቱ 0.7 ከነበረበት ወደ 0.75 ብቻ ይወጣል። ድንጋዩ ስለሚጨፈለቅስ? 40 ሜትር ግድግዳ መሠረቱ ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 9 ኪሎ ብቻ ይጭናል፤ ጥሩ የግንባታ ድንጋይ ግን ይህን አሥር እጥፍ አድርገው ቢጭኑትም አይጨፈለቅም። እንግዲህ በቅስቱ ግፊትም በክብደቱም ከፍታ ያን ያህል አያስፈራም።

ከፍታን የሚገድበው ነፋስ ነው። ኃይለኛ ነፋስ በካሬ ሜትር 0.1 ቶን ቢገፋ፣ ግድግዳው ከፍ ሲል ነፋሱ የሚያገኘው ስፋትም የሚገፋበት ክንድም ይጨምራል። የመገልበጥ ኃይሉ በከፍታው ካሬ ያድጋል፤ የግድግዳው ክብደት ግን በከፍታው ልክ ብቻ። በ20 ሜትር ላይ ነፋሱ የግፊት መስመሩን 0.2 ሜትር ይገፋል፤ ድምሩ 0.9 ነውና ግድግዳው በጭንቅ ይቆማል። በ40 ሜትር ላይ 0.43 ሜትር ይጨምራል፤ ድምሩ 1.17 ሜትር ሆኖ ከጠርዙ ይወጣል።

ተንሳፋፊው ድጋፍ የመጣው ለዚህ ነው። ግድግዳውን ከማወፈር ይልቅ ግንበኞቹ የጣሪያውን ግፊት በተወሰኑ ምሰሶዎች ራስ ላይ ሰበሰቡት። ከዚያም ከአዳራሹ ጎን ባለው ዝቅተኛ ክፍል ጣሪያ በላይ በዘረጉት ግማሽ ቅስት አማካይነት ወደ ውጭ ወዳለ ግዙፍ የድንጋይ ምሰሶ አሻገሩት። በብዙ ካቴድራሎች ድጋፉ በሁለት ረድፍ ነው፤ የታችኛው የጣሪያውን ቅስት ግፊት ሲቀበል የላይኛው በዋናነት ከፍተኛው ግድግዳና የእንጨቱ ክዳን ከነፋስ የሚያገኙትን ግፊት ይቀበላል። በውጩ ምሰሶ ራስ ላይ የሚታየው ሹል ጉልላትም ጌጥ ብቻ አይደለም። ክብደቱ የመጣውን የጎን ግፊት ወደ ታች እንዲታጠፍ ይረዳዋል። በዚህ መንገድ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ሸክም ስለማይኖርበት በመስታወት ሊሞላ ቻለ።

በዚህ ዘዴ በሰሜን ፈረንሳይ የአሚየን ካቴድራል ጣሪያ 42 ሜትር ያህል ደረሰ፤ የቦቬው 48 ሜትር ደረሰ። የቦቬው የጣሪያ ክፍል ግን በ1284 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፈረሰ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የጠገኑት ግንበኞች ግን በነባሮቹ ምሰሶዎች መካከል ተጨማሪ ምሰሶዎች አቆሙ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ እያንዳንዱ ምሰሶ የሚቀበለው ግፊትም ይቀንሳል።

ይህ እውቀት ለእኛም ሥራ አለው። የግንብን ቅስት ስትመለከቱ ሦስት ቦታ እዩ። ከማሰሪያው ድንጋይ ሥር ወደ ታች የተከፈተ ስንጥቅ፣ በግራና በቀኝ ትከሻው ላይ ደግሞ ወደ ላይ የተከፈቱ ስንጥቆች ካሉ፣ ድጋፎቹ እየተራራቁ ነው ማለት ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ግፊቱን አያቆመውም፤ መራራቁ የሚገታው ድጋፎቹ ሲጠነክሩ ነው። ከዚህም በላይ ከቅስት ጎን የቀረ ፍርስራሽ ግድግዳ ከንቱ መስሎ ቢታይም፣ ግፊቱን ተሸክሞ የቆመው እርሱ ሊሆን ይችላል። ቅርስ ለመጠገን የሚሄዱ ተማሪዎቼ ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት የግፊት መስመሩ የሚያልፍበትን መንገድ በወረቀት ላይ እንዲስሉ የምጠይቃቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።