ስድስተኛዋ ጣትና የሚርገበገበው ቄጤማ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ቪዲዮ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጅን ነው። ፊቱ አምሮ፣ ልብሱ አምሮ፣ እጁ ሲኒውን ሊያነሳ ሲል ጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አለዚያም ስድስተኛ ጣት ብቅ ትላለች። ቀጥሎ የሚያጋልጠው መርገብገቡ ነው። ማንም ሳይነካው ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የቀሚሱ ጥለት በየቅጽበቱ መልኩን ይለውጣል፣ ብርሃኑም ብልጭ ድርግም ይላል።

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ በየቦታው የሚዞር ነገር አለ። ቪዲዮውን ለማሠራት ከምንጽፈው መግለጫ፣ ከፕሮምፕቱ፣ ጎን ኔጋቲቭ ፕሮምፕት የሚባል ሁለተኛ ሳጥን አለ፤ እንዳይታይ የምንፈልገው እዚያ ይገባል። ብዙ ሰው ከሌላ ሰው የቀዳውን ሃምሳና ስልሳ ቃል እዚያ ይለጥፋል፦ የተበላሸ እጅ፣ ትርፍ ጣት፣ መጥፎ ጥራት፣ አስቀያሚ፣ ብዥታ። ከዚያ እጁ እንደተጣመመ ይወጣል። ዝርዝሩ ስላጠረ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሳጥኑ ጨርሶ አልተነበበም፣ ወይ ችግሩ በክልከላ የሚፈታ ዓይነት አይደለም።

መጀመሪያ አለመነበቡን እንይ። ሞዴሉ ሥራውን የሚጀምረው ጣቢያ የጠፋበት የድሮ ቴሌቪዥን ከሚያሳየው ዓይነት ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው፤ ያንን ደረጃ በደረጃ እያጠራ ምስል ያወጣል። ጆናታን ሆ እና ቲም ሳሊማንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ስሌቱ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንዴ የጻፍነውን መግለጫ ይዞ፣ አንዴ ደግሞ ባዶ ጽሑፍ ይዞ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቁጥር ይባዛና ምስሉ ወደ መግለጫችን ይገፋል። ኔጋቲቭ ፕሮምፕት የሚገባው በዚያ ባዶ ጽሑፍ ቦታ ነው። ስለዚህ ሞዴሉን «እባክህ ይህን አታድርግ» ብሎ መለመኛ ሳይሆን ምስሉ ሊርቀው የሚገባ አቅጣጫ ነው። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
ውጤት = neg + cfg × (pos − neg)
```

አሁን `cfg` የሚለውን ቁጥር 1 አድርጉትና አስሉት። ሁለቱ `neg` ይጣፋሉና `pos` ብቻውን ይቀራል። ያ ሁሉ የተለጠፈ ዝርዝር ከስሌቱ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ እንግዳ አጋጣሚ አይደለም፤ ቪዲዮን በአራት ደረጃ ብቻ እንዲጨርሱ ተደርገው የተፋጠኑ ሞዴሎች የሚሠሩት `cfg` 1 ላይ ሆኖ ነው። ፍጥነታቸውም በከፊል ሁለተኛውን ስሌት በመተው የሚገኝ ነው። ፈጣኑን ሞዴል ጭኖ ስለ ጣት ረጅም ክልከላ የሚጽፍ ሰው ድካሙ ለከንቱ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነጠብጣቡ የሚነሳበትን ቁጥር፣ `seed` የሚባለውን፣ ሳትቀይሩ በቪዲዮው መሃል በግልጽ የሚታየውን ዕቃ ስም ኔጋቲቭ ሳጥኑ ውስጥ ጻፉ። ሲኒ ካለ `cup` በሉት። ሁለቱ ቪዲዮዎች አንድም ሳይለያዩ ከወጡ ሳጥኑ አይነበብም። ሲኒው ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ይነበባል።

በኢንተርኔት የሚሰጡ የተዘጉ አገልግሎቶች ላይ ነገሩ ይለያያል። ክሊንግ ኔጋቲቭ ሳጥን አለው። የጉግል ቪኦም ይቀበላል፤ ነገር ግን መመሪያው «አይኑር»፣ «አታሳይ» የሚሉ ቃላትን ትታችሁ የማትፈልጉትን ነገር ስም ብቻ ጻፉ ይላል። ራንዌይ ደግሞ ክልከላን እንደማይደግፍና ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን እንደሚችል ለተጠቃሚዎቹ ያስጠነቅቃል። ለምን የተገላቢጦሽ? ዋናው መግለጫ ውስጥ «ስድስት ጣት አይኑር» ብላችሁ ስትጽፉ ሞዴሉ አጥብቆ የሚይዘው «ስድስት ጣት» የሚለውን ነው፤ «አይኑር» የምትለዋ ቃል አቅሟ ደካማ ነው። ኔጋቲቭ ሳጥን ውስጥ «አይኑር» ማለትም ያው ግራ ማጋባት ነው፤ ሳጥኑ ራሱ «አይኑር» ነውና።

ወደ ሥራው እንግባ። ምሳሌያችን የቡና ሥነ ሥርዓት ይሁን፤ ሴትዮዋ ከጀበና ወደ ሲኒ ስትቀዳ። ሞዴሉ አሊባባ በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) በነፃ የለቀቀው ዋን 2.1 ነው እንበል። አነስተኛው ዓይነት 8 ጊጋባይት ገደማ ማስታወሻ ባለው የግራፊክስ ካርድ ይሠራል፤ በ832 በ480 ፒክስል፣ 81 ፍሬም ያለው የአምስት ሰከንድ ቪዲዮ ያወጣል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጽፈው ሁሉንም ነው፦ ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ረከቦት፣ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ የሚጤስ ዕጣን፣ በዙሪያው የተቀመጡ ጎረቤቶች። ለማሰብ ያምራል፤ ለሞዴሉ ግን መከራ ነው።

ምክንያቱ ስፋት ነው። ሞዴሉ በቀጥታ በፒክስል አይሠራም። ምስሉን ጨምቆ ይሠራውና መጨረሻ ላይ ይዘረጋዋል። በዋን ጭመቃው ስምንት በስምንት ፒክስል ወደ አንድ ነጥብ የሚያጥፍ ነው። የ480 ፒክስሉ ቁመት አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ትዕይንት ከያዘ፣ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ከሦስት ፒክስል ብዙም አይበልጥም። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚወፍር ጣት አምስት ፒክስል ሆነ ማለት ነው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ሞዴሉ ጣቶቹን ለያይቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሳይኖረው «የተጣበቁ ጣቶች» ብለን ብንከለክለው ምን ያድርግ? ካሜራውን አቅርበን ያው ቁመት አርባ ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲያሳይ ብናደርግ ግን ያ ጣት አስራ ስምንት ፒክስል ይሆናል፤ ሁለት ነጥብ አልፎ ይይዛል። ለእጅ ከየትኛውም ክልከላ ይልቅ `close-up` የምትለዋ ቃል ትበልጣለች የምለው ለዚህ ነው።

ጊዜም እንዲሁ ይጨመቃል። ከመጀመሪያው ፍሬም በስተቀር አራት አራቱ ፍሬም አንድ ላይ ይታጠፋል፤ በሰከንድ 16 ፍሬም ለሚያወጣ ሞዴል ይህ ሩብ ሰከንድ ነው። በሩብ ሰከንድ ውስጥ ሲኒውን ላፍ አድርጋ የምታነሳ እጅ ብዙ መንገድ ትሄዳለች፤ እዚያ ላይ ጣቶቹ ይቀልጣሉ። ስለዚህ ሁለተኛዋ ጠቃሚ ቃል `slowly` ናት።

ጀበናንም በስሙ ብቻ አልተወውም። ሞዴሉ ቃሉን በደንብ ባያውቀው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሠርቶ ይሰጠናል፤ እጁም መያዣውን ሲፈልግ ይጣመማል። ቅርጹን መንገር ይሻላል። መግለጫው እንዲህ ይሆናል፦

```
close-up, one hand slowly pours coffee from a
long-necked black clay pot into a small white cup,
locked-off camera, soft window light,
plain blurred background
```

ኔጋቲቩም አጭር፦

```
fused fingers, extra fingers, deformed hand,
flickering light, camera shake
```

`cfg` አምስት ወይም ስድስት ላይ ይቀመጥ። ክልከላው እንዲሰማ ብሎ አሥርና አሥራ ሁለት ማድረስ ቀለሙን ያቃጥለዋል፤ ንፅፅሩ ይከርራል፣ መርገብገቡም ይብሳል።

አሁን ደግሞ መርገብገቡ። በመግለጫው ውስጥ ሦስት የአቀራረብ ቃላት ለዚሁ ሲባል ገብተዋል። `locked-off camera` ካሜራው ተተክሎ እንዲቆም ያደርጋል። `soft window light` ብርሃኑን ያረጋጋዋል፤ ሻማ፣ እሳት ወይም ኒዮን ብንል ብልጭ ድርግሙን ራሳችን አዘዝነው ማለት ነው። `blurred background` ደግሞ ከጀርባ ያለውን ጥቃቅን ነገር ያደበዝዛል። ቄጤማው የወጣው ለዚህ ነው። ከጣት በጣም የቀጠነ ሣር በሺህ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ከነጥብ በታች ነውና ሞዴሉ የት እንደነበር አይዝለትም፤ በየሩብ ሰከንዱ እንደ አዲስ ይዘራዋል። ቪዲዮው ሲሄድ ወለሉ የሚፈላ ይመስላል። የቀሚሱ ጥበብም ከዚህ አያመልጥም፤ ቀጫጭን ክሮቹ ከፍሬም ፍሬም ሌላ ጥለት ይሆናሉ። ነጭ ጨርቅ ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳዝናል፤ ጥበብ የሌለው ሐበሻ ቀሚስ ምኑ ሐበሻ ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ቢያንስ በቅርብ ትዕይንት ውስጥ ሰፊ ጥለት መምረጥ ይቻላል።

በጉጉት የሚጨመሩት `8k` እና `intricate details` የሚሉት ቃላትም ሊጎዱ ይችላሉ። የቆመ ምስል ላይ ያምራሉ፤ ቪዲዮ ላይ ግን ሞዴሉን ሊያረጋጋው ወደማይችለው ጥቃቅን ነገር ይመሩታል። `film grain` እና `handheld`ም እንዲሁ፤ አንዷ ነጠብጣብ፣ አንዷ መንቀጥቀጥ ትጠራለች።

አንድ ወጥመድ ከሞዴሉ ጋር አብሮ ይመጣል። የዋን ሠሪዎች በቻይንኛ የጻፉት ዝግጁ ኔጋቲቭ አለ፤ ትርፍ ጣትን፣ የተጣበቁ ጣቶችን፣ ሦስት እግርን፣ ወደ ኋላ መራመድን ሳይቀር ይከለክላል። በውስጡ ግን «የቆመ ምስል» የሚልም አለ፤ ሞዴሉ ፎቶ የመሰለ ድርቅ ያለ ቪዲዮ እንዳያወጣ የተቀመጠ ነው። እኛ በአንድ በኩል ካሜራው ይቁም እያልን በሌላ በኩል መቆምን ብንከለክል ሁለቱ ይጓተታሉ። ዝርዝሩን የሚጠቀም ሰው ያንን ቃል አውጥቶ ይሞክረው።

ውጤቱን በሙሉ ፍጥነት አይቶ መፍረድ ያታልላል። ፍሬሞቹን እንዲህ በትኖ ማየት ይሻላል፦

```
ffmpeg -i buna.mp4 frame_%03d.png
```

እጁን ለመመርመር ጣቶቹ ጀበናውን በሚነኩበትና በሚለቁበት ቦታ ያሉትን ፍሬሞች ተከታትሎ መቁጠር ነው፤ አብዛኛው ብልሽት እዚያ ይደበቃል። መርገብገቡን ለማየት ደግሞ ሴትዮዋን ትቶ ግድግዳው ላይ ማፍጠጥ ነው። የቡናውና የዕጣኑ ጢስ በተፈጥሮው ስለሚለዋወጥ በእሱ መፍረድ አይቻልም። በአንድ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ እየቀየሩ፣ `seed` ሳይነካ፤ አለዚያ የቱ ቃል ምን እንደሠራ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሆን ትዕይንት አለ። ሴትዮዋ ሲኒውን ለእንግዳዋ ስታቀብል የሁለት ሰው ጣቶች አንድ ዕቃ ላይ ይገናኛሉ፤ የማን ጣት የማን እንደሆነ ሞዴሉ ይምታታበታል፣ ክልከላው ቢደረደርም ብዙ አያድነውም። አምስት ጣት በትክክል ያለበት የመጀመሪያ ፍሬም ሰጥቶ ከዚያ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ይረዳል። እንግዳዋ እጇን ስትዘረጋ ግን ያ እጅ በፍሬሙ ላይ ስላልነበረ እንደገና በግምት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ለሁለት ቆርጦ መሥራት ይሻላል፦ በአንዱ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተቀድቶ፣ በሌላው እንግዳዋ ይዛው።