ፈረንሳዮች «ሜል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰው «ሜል ላክልኝ» ቢላችሁ ፖስታ ቤት እንዳትሄዱ! እንግሊዝኛው «ሜል» በፖስታ የሚላከውን ደብዳቤም ይጨምራል። ፈረንሳዮች ግን ቃሉን ከእንግሊዝኛ ሲወስዱ ለኢሜይል ብቻ አደረጉት። ለወረቀቱ ደብዳቤ ድሮም «ኩርዬ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው።

ታዲያ ለኢሜይልስ የራሳቸው ቃል የላቸውም? አላቸው፤ «ኩርዬል» ይባላል። ቃሉ የተስፋፋው ከካናዳዋ ኩዊቤክ ነው። እዚያ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዙሪያቸው እንግሊዝኛ ስለሆነ ለቋንቋቸው በጣም ይጠነቀቃሉ። «ኩርዬ» እና «ኤሌክትሮኒክ» የሚሉትን ቃላት ቆርጠው ቀጠሉና «ኩርዬል» አሉ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2003 በመንግሥት ጋዜጣዋ አወጀችው።

ግን አዋጁ የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት በ1994 መንግሥት ተራውን ዜጋ «በዚህ ቃል ተናገር» ብሎ ማስገደድ እንደማይችል ወስኗል፤ የመናገር ነፃነትን ይነካልና። ስለዚህ ቢሮው «ኩርዬል» ብሎ ይጽፋል፣ ጓደኛሞች ግን አሁንም «ሜል» ይባባላሉ።

ምትክ ቃል ሁሉ እንዲህ አይቸገርም። ኮምፒውተርን ዛሬ ፈረንሳዮች በሙሉ «ኦርዲናተር» ነው የሚሉት። ቃሉን በ1955 ለአይቢኤም ፈረንሳይ ያቀረቡት የሶርቦን ፕሮፌሰር ዣክ ፔሬ ናቸው። ልዩነቱ ጊዜው ነው፦ «ኦርዲናተር» የመጣው ኮምፒውተር ገና በየቤቱ ሳይገባ ነው፤ «ኩርዬል» ግን በአዋጅ ሲወጣ «ሜል» ሰው አፍ ላይ ቆይቷል።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳስቱት ቃላት እንምጣ። «ስሞኪንግ» ለብሰህ ና የሚል የእራት ግብዣ ቢደርሳችሁ ስለ ሲጋራ አይደለም፤ ጥቁሩን የክብር ሙሉ ልብስ ማለታቸው ነው። እንግሊዞች ሲያጨሱ ከሚለብሱት ጃኬት ስም «ጃኬት» የሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው። «ፕሬሲንግ» ልብስ የምታሳጥቡበት ላውንድሪ ነው። «ፉቲንግ» ደግሞ የሶምሶማ ሩጫ። «ፓርኪንግ» መኪና ማቆሚያው ቦታ ነው፤ እኛም «ፓርኪንግ አለ?» ስንል ቦታውን ነው የምንጠይቀው። ኩዊቤክ ውስጥ ግን ምልክቱ ላይ «ስታስዮንማ» የሚለውን ታገኛላችሁ።

ፈረንሳይኛ ለምትማሩ፦ በእንግሊዝኛ ድርጊትን የሚገልጽ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ፊት «ለ» ወይም «አን» የሚሉትን የፈረንሳይኛ መስተአምራን ካያችሁ፣ አንዳንድ ጊዜ የዕቃ ወይም የቦታ ስም ሆኖ ሊሆን ይችላልና ዝም ብላችሁ በእንግሊዝኛው አትተርጉሙት። የሥራ ማመልከቻ ላይና ሞንትሪያል ውስጥ «ኩርዬል» በሉ። ከፓሪስ ጓደኛችሁ ጋር ስታወሩ ግን «ሜል» ይበቃል።